የ20 እና የ50 ደቂቃ አማካዮች መሻገር፦ ታሪኩን ሁሉ ሳይደግሙ ማስላት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት እሠራለሁ። የኒውዮርክን የቡና ዋጋ በቀጥታ የሚቀበል የፓይተን ፕሮግራም ጽፌ የ20 እና የ50 ደቂቃ አማካዮች ሲሻገሩ እንዲያሳውቀኝ አድርጌያለሁ። አዲስ ዋጋ በመጣ ቁጥር ግን ሙሉውን ታሪክ እንደገና ስለሚያሰላ ላፕቶፑ እየከበደው ይሄዳል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል። አንዳንዴም ተሻገረ ብሎ ካሳወቀኝ በኋላ ወዲያው ምልክቱን ያጠፋዋል። እንዴት ባደርገው ይሻላል?»

ጤና ይስጥልኝ። የ50 ደቂቃን አማካይ ለማወቅ የሚያስፈልጉት የመጨረሻዎቹ 50 የመዝጊያ ዋጋዎች ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱ በፊት የነበረው ታሪክ በዚያ አማካይ ውስጥ ምንም ድርሻ የለውም። የኒውዮርክ የአረቢካ ቡና ውል በአንድ የግብይት ቀን ለ9 ሰዓት ከሩብ ክፍት ስለሚሆን በቀን እስከ 555 የደቂቃ ባሮች፣ ማለትም የየደቂቃው የዋጋ መዝገቦች፣ ይወጡታል፤ ስለዚህ ፋይልዎ የአንድ ዓመት ታሪክ ከያዘ ከ130 ሺህ በላይ ረድፎች ሊኖሩት ይችላሉ። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው አዲሱን ዋጋ በ`pd.concat` ከሰንጠረዡ ጋር አያይዘው ከዚያ `rolling(50).mean()` የሚጠሩ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ትእዛዝ ሰንጠረዡን በሙሉ ወደ አዲስ የሜሞሪ ቦታ ይገለብጠዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ መጨረሻው ድረስ ያሉትን አማካዮች ሁሉ እንደገና ያወጣል፤ እርስዎ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሚጠቀሙት በመጨረሻው ረድፍ ላይ ያለውን አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ይህ ሥራ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም፣ ሰንጠረዡም በየደቂቃው ሲረዝም፣ ማሽኑ ቢከብደው አያስገርምም።

መፍትሔው አማካዩን ሳይሆን ድምሩን ይዞ መቆየት ነው። የቡና መጋዘን ኃላፊ በየምሽቱ ጆንያውን ሁሉ ዳግም አይቆጥርም፤ በትናንቱ ቁጥር ላይ የገባውን ይደምራል፣ የወጣውን ይቀንሳል። እዚህም እንዲሁ ነው፦ አዲስ ባር ሲዘጋ ዋጋውን በድምሩ ላይ ይጨምራሉ፣ ከመስኮቱ የሚወጣውን የዛሬ 50 ባር ዋጋ ከድምሩ ይቀንሳሉ። መስኮቱ 50 ይሁን 5,000 ሥራው አንድ መደመርና አንድ መቀነስ ብቻ ነው። የሚወጣው ዋጋ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን የመጨረሻዎቹ 50 ዋጋዎች በሆነ ቦታ መቀመጥ አለባቸው፤ ለዚህም ርዝመቱ 50 የሆነ አንድ ዝርዝር ይበቃል፤ መጨረሻው ላይ ሲደረስ ወደ መጀመሪያው እየተመለሱ በአሮጌው ዋጋ ላይ አዲሱን ይጽፉበታል። ለ20ው አማካይ የተለየ ዝርዝር አያስፈልግም፤ የመጨረሻዎቹ 20 ዋጋዎች በዚያው በ50ው ውስጥ ስላሉ የሚወጣውን ዋጋ 20 ቦታ ወደ ኋላ ሄዶ ማንበብ በቂ ነው።

ወደ ኮዱ ከመግባቴ በፊት ስለ ቁጥሮቹ ዓይነት አንድ ነገር አጥብቄ ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም በዚህ ዘዴ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። ዋጋውን እንደ 298.15 ባለ የአስርዮሽ ቁጥር ከያዙት ኮምፒውተሩ በሁለትዮሽ ሲያስቀምጠው በትክክል አይወክለውም፤ በጣም የቀረበውን ቁጥር ይመዘግባል። የመስኮቱን ዋጋዎች በየጊዜው እንደ አዲስ ሲደምሩ ይህ ጥቃቅን ስሕተት ከስሌቱ ጋር አብሮ ይጠፋል። ድምሩን ይዘው ሲቆዩ ግን እያንዳንዱ መደመርና መቀነስ የራሱን ኢምንት ቅሪት ይተዋል፣ ቅሪቱም በድምሩ ውስጥ ይኖራል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ አማካዩን ለማየት ብቻ ቢሆን ምንም አይጎዳም። መሻገርን ለመለየት ግን የምንጠይቀው «የትኛው ይበልጣል?» ብለን ነው፤ ሁለቱ አማካዮች እኩል በሆኑበት ሰዓት ደግሞ መልሱን የሚወስነው ያ ኢምንት ቅሪት ይሆናል። ግብይት በቀዘቀዘባቸው ራቅ ያሉ ወራት ውሎች ላይ ዋጋው ለረጅም ጊዜ ባለበት ሲቆም ሁለቱም አማካዮች ያው አንድ ዋጋ መሆን ሲገባቸው ፕሮግራሙ ተሻገረ፣ ተመለሰ እያለ ምልክት ሊሰጥ ይችላል። ዋጋው ጨርሶ ሳይነቃነቅ ምልክት የሚመጣ ከሆነ ሌላ ምክንያት ከመፈለግዎ በፊት ይህንን ይጠርጥሩ።

የኒውዮርክ ቡና ዋጋ ለዚህ ችግር ቀላል መውጫ አለው። ዋጋው የሚጠቀሰው በአንድ ፓውንድ በአሜሪካ ሳንቲም ሲሆን የሚንቀሳቀስበት ትንሹ እርምጃ 0.05 ሳንቲም ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ዋጋ በ20 ካባዙት ሙሉ ቁጥር ይሆናል፤ 298.75 የነበረው 5975 ይሆናል። ከዚህ በኋላ ድምሩ ሁሉ በሙሉ ቁጥር ስለሚሠራ ፕሮግራሙ ለአንድ ዓመት ሳይቋረጥ ቢሄድ እንኳ አንዲት ቅሪት አይኖረውም። ማካፈልም አያስፈልግም፦ አጭሩን ድምር በ20፣ ረጅሙን በ50 አካፍሎ ከማወዳደር ይልቅ አጭሩን ድምር በ50፣ ረጅሙን በ20 አባዝቶ ማወዳደር ያንኑ መልስ በፍጹም ትክክለኛነት ይሰጣል።

```python
class Cross:
    def __init__(self, ns, nl):
        self.ns, self.nl = ns, nl
        self.buf = [0] * nl
        self.i = self.count = 0
        self.ss = self.sl = 0
        self.side = 0

    def close_bar(self, price):
        p = round(price * 20)
        old_l = self.buf[self.i]
        old_s = self.buf[(self.i - self.ns) % self.nl]
        self.ss += p - old_s
        self.sl += p - old_l
        self.buf[self.i] = p
        self.i = (self.i + 1) % self.nl
        self.count += 1
        if self.count < self.nl:
            return 0
        d = self.nl * self.ss - self.ns * self.sl
        new = (d > 0) - (d < 0)
        if new == 0 or new == self.side:
            return 0
        first = self.side == 0
        self.side = new
        return 0 if first else new
```

`Cross(20, 50)` ብለው ይፈጥሩታል፤ አንድ የደቂቃ ባር በተዘጋ ቁጥር `close_bar`ን ይጠራሉ። የሚመለሰው 1 ከሆነ አጭሩ አማካይ ረጅሙን ወደ ላይ አልፎታል፣ -1 ከሆነ ወደ ታች ወርዷል፣ 0 ከሆነ አዲስ ነገር የለም። ዝርዝሩ በዜሮ ተሞልቶ ስለሚጀምር የመጀመሪያዎቹ ባሮች ሲገቡ የሚቀነሰው ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ለጅምሩ የተለየ ኮድ መጻፍ አላስፈለገም። ኮዱን ወደ ሲ ወይም ወደ ጃቫ ከቀየሩት ግን የ`%` ምልክት ለአሉታዊ ቁጥር በፓይተን የሚሰጠውን መልስ እዚያ ስለማይሰጥ፣ ቀሪውን ከመውሰድዎ በፊት `nl`ን መደመር ይኖርብዎታል።

አሠራሩን በእጅ ለመከተል እንዲመች መስኮቶቹን ወደ 3 እና 5 አሳንሰን፣ ለምሳሌ ብቻ በወሰድናቸው ዋጋዎች እንሂድ። አምስት ባሮች በ301.00፣ በ300.00፣ በ298.50፣ በ297.00 እና በ296.50 ተዘጉ እንበል። በ20 ሲባዙ 6020፣ 6000፣ 5970፣ 5940 እና 5930 ይሆናሉ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ድምር 17840፣ የአምስቱ ድምር 29860 ነው። አጭሩን በ5፣ ረጅሙን በ3 ስናባዛ 89200 እና 89580 እናገኛለን፤ ልዩነቱ -380 ስለሆነ አጭሩ አማካይ ከታች ነው። ይህ ዝርዝሩ የሞላበት የመጀመሪያ ባር በመሆኑ ወገኑ ይመዘገባል እንጂ ምልክት አይሰጥም፤ ቀድሞ የት እንደነበር ሳይታወቅ ተሻገረ ሊባል አይችልም።

ስድስተኛው ባር በ298.00 ይዘጋል፣ ማለትም 5960። ከአጭሩ ድምር 5970፣ ከረጅሙ 6020 ይወጣሉ፤ ድምሮቹ 17830 እና 29800 ይሆናሉ። ልዩነቱ 89150 ሲቀነስ 89400፣ ማለትም -250 ነው፤ ገና ከታች ነን። ሰባተኛው ባር በ300.50 ሲዘጋ 6010 ይገባል፣ ከአጭሩ 5940፣ ከረጅሙ 6000 ይወጣሉ፤ ድምሮቹ 17900 እና 29810 ሆነው ልዩነቱ 89500 ሲቀነስ 89430፣ ማለትም +70 ይሆናል። ምልክቱ ከአሉታዊ ወደ አዎንታዊ ተለወጠ፣ ፕሮግራሙም 1 ይመልሳል። በተራ ቁጥር ቢታይ አጭሩ አማካይ 298.33፣ ረጅሙ 298.10 ላይ ደርሰዋል።

ልዩነቱ ልክ ዜሮ ቢሆንስ? በኮዱ ውስጥ ዜሮ የራሱ ወገን የለውም፤ ቀድሞ የነበረው ወገን እንዳለ ይቆያል። አጭሩ አማካይ ከታች መጥቶ ረጅሙን ነክቶ ተመልሶ ቢወርድ ምንም ምልክት አይኖርም፤ ነክቶ፣ እኩል ሆኖ ጥቂት ባር ቆይቶ ወደ ላይ ቢያልፍ አንድ ምልክት ብቻ ይሰጣል፣ እርሱም በእውነት ባለፈበት ባር ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው የ«ትናንት ያንስ ነበር፣ ዛሬ ይበልጣል» ማወዳደሪያ ግን ያለፈውን አንድ ባር ብቻ ስለሚያይ መካከሉ ላይ እኩልነት ሲገባበት መሻገሩ ጨርሶ ያመልጠዋል። `side` የሚባለውን ተለዋዋጭ ያስገባሁት ለዚህ ነው።

አሁን ተሻገረ ብሎ ወዲያው ምልክቱን ስለሚያጠፋው ጉዳይ። ይህ የሚሆነው ፕሮግራሙ ገና ያልተዘጋውን ባር እንደ ተዘጋ ቆጥሮ ስለሚያሰላ ነው። ደቂቃው እስኪያልቅ ድረስ የባሩ ዋጋ በእያንዳንዱ ግብይት ይለዋወጣል፤ ስለዚህ በደቂቃው 15ኛ ሰከንድ ላይ የታየ መሻገር በ50ኛው ሰከንድ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ድምር ይዞ በሚሄድ ፕሮግራም ውስጥ ይህ ከማሳሳት አልፎ የከፋ ጥፋት ያመጣል፤ በደቂቃው ውስጥ የመጣውን እያንዳንዱን ዋጋ በ`close_bar` ካስገቡት 50 ደቂቃ የሚሸፍነው መስኮት በ50 ግብይቶች ይሞላል፣ ገበያው በሞቀበት ሰዓት «የ50 ደቂቃ አማካይ» ያሉት የጥቂት ሰከንዶች አማካይ ይሆናል። ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ ነው፦ ሁኔታውን የሚለውጠው የተዘጋ ባር ብቻ ነው፤ በመሠራት ላይ ያለ ባር ይታያል እንጂ አይመዘገብም።

ይሁን እንጂ ባሩ እስኪዘጋ በጨለማ መቀመጥ አይኖርብዎትም። የሚወጡት ሁለት ዋጋዎች አስቀድመው የታወቁ በመሆናቸው፣ ቀጣዩ ባር በየትኛው ዋጋ ላይ ቢዘጋ ሁለቱ አማካዮች እኩል እንደሚሆኑ ባሩ ከመጀመሩ በፊት በአንድ ስሌት ማወቅ ይቻላል። ከአጭሩ ድምር የሚወጣውን ቀንሰን የቀረውን `bs`፣ ከረጅሙም እንዲሁ የቀረውን `bl` ብንል፣

```
x = (ns * bl - nl * bs) / (nl - ns)
```

ይሆናል። ከሰባተኛው ባር በፊት ወደ ነበርንበት ብንመለስ `bs` ማለት 17830 ሲቀነስ 5940፣ ማለትም 11890 ነው፤ `bl` ደግሞ 29800 ሲቀነስ 6000፣ ማለትም 23800 ነው። 3 ሲባዛ በ23800 ከሚሰጠው 71400 ላይ 5 ሲባዛ በ11890 የሚሰጠውን 59450 ቀንሰን ለ2 ስናካፍል 5975 እናገኛለን፤ ይህም 298.75 ሳንቲም ነው። ባሩ በ298.75 ቢዘጋ አማካዮቹ ልክ እኩል ይሆናሉ፣ በ298.80 ወይም ከዚያ በላይ ቢዘጋ ይሻገራሉ። ስለዚህ በደቂቃው ውስጥ ለሚመጣ ለእያንዳንዱ ዋጋ አማካይ ማስላት ይቀርና ሥራው አዲሱን ዋጋ ከዚህ አንድ ቁጥር ጋር ማወዳደር ብቻ ይሆናል። እንደ እኔ እንደ እኔ ለቡና ላኪ ከምልክቱ ይልቅ ይህ ቁጥር ይጠቅማል፤ በስክሪኑ ጥግ ላይ ቢያሳዩት ገበያው ከመሻገሪያው ምን ያህል እንደራቀ ሁልጊዜ ይታይዎታል።

ወደ መብራቱ ጉዳይ ልምጣ። ከስሌቱ በኋላ የሚቀመጠው ሁኔታ በጣም ትንሽ ነው፦ 50 ቁጥሮች፣ ሁለት ድምሮች፣ የዝርዝሩ ቦታ፣ የባሮቹ ብዛት፣ ወገኑ፣ እንዲሁም መጨረሻ የተዘጋው ባር ሰዓት። በየደቂቃው ወደ ዲስክ ቢጻፍ ለማሽኑ አይሰማውም። አደጋው ያለው በመጻፍ ላይ እያለ መብራት ሲሄድ ነው፤ ፋይሉ በግማሽ ይቀርና ሲመለሱ የማይነበብ ይሆናል። ስለዚህ በቀጥታ በዋናው ፋይል ላይ አይጻፉ፤ በሌላ ስም ይጻፉ፣ በ`flush` እና በ`os.fsync` ዲስኩ ላይ መድረሱን ያረጋግጡ፣ ከዚያ በ`os.replace` ስሙን ወደ ዋናው ይለውጡት። በዚህ መንገድ መብራት መቼም ቢሄድ ወይ የቀድሞው ሙሉ ፋይል አለ፣ ወይ አዲሱ ሙሉ ፋይል አለ።

የሚቀመጠው ሰዓት በዩቲሲ ይሁን። አሜሪካ ሰዓቷን በዓመት ሁለት ጊዜ ትለውጣለች፣ እኛ አንለውጥም፤ በዚህ ምክንያት የኒውዮርክ ቡና በእነርሱ በጋ በኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 5፡15 እስከ ምሽቱ 2፡30፣ በእነርሱ ክረምት ደግሞ ከቀኑ 6፡15 እስከ ምሽቱ 3፡30 ይገበያያል። የኒውዮርክን ሰዓት በቋሚ ልዩነት ወደ አገር ውስጥ ሰዓት እየቀየሩ ባሮቹን ከቆጠሩ ለውጡ በሚደረግበት ሰሞን ፕሮግራሙ ያልጎደለ ባር ጎደለ ሊል፣ ወይም አዲሱን ባር የቆየ ነው ብሎ ሊጥለው ይችላል።

ፕሮግራሙ ሲነሣ የመጨረሻውን ሰዓት አንብቦ ከዚያ በኋላ የተዘጉትን ባሮች ከዋጋ አቅራቢው ይጠይቅ፣ በቅደም ተከተልም በዚያው በ`close_bar` ያሳልፋቸው። ሰዓቱ ከተመዘገበው ጋር እኩል የሆነ ወይም የሚቀድም ባር ሁሉ ይጣል፤ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሲመለስ አቅራቢዎች ያንኑ ባር ደግመው የመላክ ልማድ ስላላቸው አንድ ባር ሁለት ጊዜ ከተደመረ መስኮቱ በአንድ ደቂቃ ያጥራል፤ ያም እስከ 50 ባር ድረስ ይዘልቃል። መብራት ጠፍቶ ሳለ የተፈጠረ መሻገር ከተገኘ እንደ አዲስ ምልክት አያሳውቅ፤ ወገኑን ይለውጥና መሻገሩ የተደረገበትን ሰዓት አብሮ ያሳይ፤ ከአንድ ሰዓት በፊት በሆነ መሻገር ላይ ተመሥርቶ አሁን ባለው ዋጋ መወሰን አደገኛ ነውና። መቋረጡ ከ50 ባር በላይ ከሆነ የተቀመጡት ዋጋዎች ሁሉ ከመስኮቱ ስለወጡ ፋይሉን ትቶ የመጨረሻዎቹን መቶ ያህል ባሮች ብቻ አምጥቶ እንደ አዲስ መጀመር ይቀላል። ግብይት ያልተደረገባት ደቂቃ ካለችም አስቀድመው ይወስኑ፦ ወይ ያለፈውን መዝጊያ ይድገሙ፣ ወይ ይዝለሏት፤ የመረጡት ግን በቀጥታው ስሌትም ከመቋረጥ በኋላ በሚደረገው ማሟያም አንድ ዓይነት ይሁን።

በጥያቄዎ ውስጥ ያልተነሣ፣ ነገር ግን ሳይቆይ የሚገጥምዎ አንድ ጉዳይ አለ። የኒውዮርክ ቡና ውሎች የመጋቢት፣ የግንቦት፣ የሐምሌ፣ የመስከረምና የታኅሣሥ ተብለው በፈረንጆቹ ወራት የተለዩ ናቸው፤ አንዱ ውል ሊያበቃ ሲል ወደ ቀጣዩ መዛወር አለብዎት። የአሮጌው ውል ዋጋ 300.00፣ የአዲሱ 296.00 ቢሆን ገበያው ሳይወርድ በፕሮግራምዎ ውስጥ የ4 ሳንቲም ገደል ይፈጠራል፤ አጭሩ አማካይ ገደሉን ከረጅሙ ቀድሞ ስለሚወርደው የውሸት መሻገር ሊመጣ ይችላል። መድኃኒቱ በዝርዝሩ ውስጥ ካሉት 50 ቁጥሮች ከእያንዳንዳቸው 80 መቀነስ ነው፤ 4 ሳንቲም በ20 ሲባዛ 80 ነውና። አጭሩ ድምር በ1,600፣ ረጅሙ በ4,000 ይቀንሳሉ። 50 ጊዜ 1,600 እና 20 ጊዜ 4,000 ሁለቱም 80,000 በመሆናቸው ልዩነቱ ፈጽሞ አይነካም፣ ወገኑም እንዳለ ይቆያል። ታሪኩን እንደገና መጫን አያስፈልግም።

«ታዲያ ዝርዝር የማይፈልገውን ኤክስፖኔንሻል አማካይ ለምን አልጠቀምም?» ብለው ያስቡ ይሆናል። እርሱ በእርግጥ አንድ ቁጥር ብቻ ይይዛል፦ `e += a * (p - e)`፣ `a` ደግሞ 2 ሲካፈል ለ51 ነው። ቅሪቱም ስለማይጠራቀም የአስርዮሽ ቁጥር አያስፈራውም። ለእርስዎ ሁኔታ ግን አልመርጠውም፤ ምክንያቱ የመብራት መቋረጡ ነው። ተራው አማካይ በመጨረሻዎቹ 50 ባሮች ሙሉ በሙሉ ስለሚወሰን ፋይልዎ ቢጠፋ እንኳ ከ50 ባር በኋላ አማካዩ ፍጹም ትክክል ይሆናል። ኤክስፖኔንሻሉ ግን ያለፈውን ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ ይይዛል፤ የ50ው ዓይነት ከ50 ባር በኋላ 13.5 በመቶ የሚሆነው ክብደቱ ገና በመነሻው ቁጥር ላይ ነው። በተለያየ ሰዓት የተነሡ ሁለት ላፕቶፖች ለተወሰነ ጊዜ የተለያየ ቦታ ላይ መሻገር ያሳያሉ። ከመረጡት የመስኮቱን አምስት እጥፍ፣ ማለትም ቢያንስ 250 ባር ሳያሳልፉ ምልክቱን አይመኑት።

ሥራ ላይ ከማዋልዎ በፊት ያለዎትን የዓመት ፋይል ባር በባር በ`close_bar` ያሳልፉና በየባሩ `ss`ን ከመጨረሻዎቹ 20 ሙሉ ቁጥሮች ድምር ጋር፣ `sl`ን ከመጨረሻዎቹ 50 ድምር ጋር ያወዳድሩ። ሁሉም ሙሉ ቁጥር ስለሆነ «ይቀራረባል» የሚባል ነገር የለም፤ ልክ እኩል መሆን አለባቸው፣ በአንድ እንኳ ከተለያዩ ስሕተት አለ። የ`ss` ልዩነት በ20ኛው ወይም በ21ኛው ባር ላይ ከጀመረ ወደ ኋላ የሚነበበው ቦታ በአንድ ተዛንፏል። `sl` ከዜሮ ካልተነሣ የሚወጣው ዋጋ የተነበበው አዲሱ ከተጻፈበት በኋላ ነው። ልዩነቱ በሆነ ባር ላይ ድንገት መጥቶ ባለበት ከቀረ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ያለ ዋጋ ድምሩ ሳይስተካከል ተለውጧል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው አቅራቢው ያለፈን ባር አርሞ ሲልክ ነው፤ በዚህ ጊዜ በአዲሱና በአሮጌው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ባሩ በሚገኝባቸው ድምሮች ላይ ሊደመር ይገባል። ባዶ ዋጋ `nan` ሆኖ ቢመጣ ደግሞ `round` ራሱ `ValueError` ብሎ ስለሚያቆም ወደ ድምሩ ሳይገባ ይያዛል፤ በአስርዮሽ ቁጥር ቢሆን ኖሮ አንድ `nan` ድምሩን ለዘለቄታው ያበላሸው ነበር። በቀጥታ ሥራ ላይም ይህንኑ ማወዳደር በሰዓት አንድ ጊዜ ያስኪዱት፤ ሰባ ቁጥሮችን መደመር ላፕቶፑን አይከብደውም፣ ካልተመሳሰለም ፕሮግራሙ ምልክት መስጠቱን አቁሞ ያሳውቅዎ።